የሱቅዎን ፌስቡክና ቴሌግራም ለትርፍ ሰዓት ረዳት ሲያስረክቡ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ባለ ሱቅ እናስብ። የፌስቡክ ገጽ፣ የቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ አላት። ቀኑን ደንበኛ ስታስተናግድ፣ ከሸማኔና ከጠላፊ ጋር ስትነጋገር ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ኢንቦክሱ «ዋጋው ስንት ነው?» በሚሉ መልእክቶች ሞልቶ ይጠብቃታል። ስለዚህ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት እንዲያግዛት ተስማማች። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ሲደርስ ፓስወርዱን ጽፎ ይሰጥና በቃ ይላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

የፌስቡክ ገጽ የራሱ ፓስወርድ የለውም። ገጹ የሚከፈተው በባለቤቱ የግል አካውንት በኩል ነው። ፓስወርዱን የሰጠች ባለ ሱቅ እንግዲህ የሰጠችው የሱቁን ገጽ ብቻ አይደለም፤ ከእህቷ ጋር የተጻጻፈችውንም፣ የቤተሰብ ፎቶዋንም አብራ ሰጥታለች። በዚያ ላይ ረዳቱ ከአዲስ ስልክ ሲገባ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው እሷ ስልክ ላይ ነው። ሥራ በተጨናነቀ ሰዓት ኮድ ላኪልኝ እየተባለች መጠራት ሲሰለቻት «በቃ የአንተን ቁጥር አስገባው» ትላለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ገጹ በሰው ስልክ ቁጥር የታሰረ ንብረት ይሆናል። ልጁ ክፉ ባይሆንም እንኳ ስልኩ ሊጠፋበት፣ ሲሙን ሊቀይር፣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ይችላል።

መግቢያውን መክፈት

ፌስቡክ ለዚህ መፍትሔ አለው። ረዳቱ በራሱ አካውንት እየገባ የተፈቀደለትን ሥራ ብቻ መሥራት ይችላል። ባለቤቷ ወደ ገጿ ገብታ Settings ውስጥ Page access የሚለውን ትከፍታለች። እዚያ ሁለት ዓይነት መግቢያ ታያለች። Facebook access የሚባለው ሰፊው ነው፤ ሙሉ ቁጥጥር ተጨምሮበት የተሰጠው ሰው ሌሎችን፣ ባለቤቷን ጭምር፣ ከገጹ ማስወጣት ይችላል። Task access የሚባለው ግን ሥራ በሥራ ተለይቶ የሚሰጥ ነው። ለተማሪያችን ሦስቱ ይበቁታል፤ ልጥፍ ለማውጣት Content፣ ኢንቦክስ ለመመለስ Messages፣ ለአስተያየት መልስ ለመስጠት Community activity። Ads የሚለውን አሁን አትስጠው፤ እሱ የማስታወቂያ ገንዘብን ይነካል። ተማሪው በበኩሉ ሥራውን የሚሠራው Meta Business Suite በሚባለው መተግበሪያ ነው።

ቴሌግራም ላይ የቻናሉ ባለቤት ቻናሉን የከፈተው ሰው ነው። ስለዚህ «ቻናል ክፈትልኝ» ብሎ ለረዳት መስጠት መጨረሻው ንብረቱን በእሱ ስም ማድረግ ነው። ባለቤቷ ራሷ ትክፈተውና በ Administrators በኩል እሱን ትጨምረው። ሲጨመር የሚመጡትን ፈቃዶች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፤ Add New Admins የሚለው መጥፋት አለበት። ቻናሉ አስቀድሞ በሌላ ሰው ስም ተከፍቶ ከሆነ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል። ነገር ግን የሚያዛውረው ሰው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ማለፍ ስላለበት፣ ይህን ከረዳቱ ጋር በሰላም እያሉ መጨረስ ነው የሚሻለው።

ተራ የቲክቶክ አካውንት ላይ እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል የለም። እዚያ ረዳቱ ቪዲዮውን ቀርጾና ቆርጦ በቴሌግራም ይላክላት፤ ጥራቱ እንዳይወርድ በፋይል መልክ ይሁን። የምትለቀው እሷ ናት። ቲክቶክ ላይ በረቂቅነት የተቀመጠ ቪዲዮ በተቀመጠበት ስልክ ብቻ ስለሚታይ፣ «ድራፍት ላይ አለልሽ» የሚባለው እሷ ስልክ ላይ አይገኝም።

አንድ ገጽ መመሪያ

መግቢያው የሚወስነው ረዳቱ ምን መንካት እንደሚችል ነው። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግን አይነግረውም። ለዚህ አንድ ገጽ የጽሑፍ መመሪያ ያስፈልጋል። ጥሩ መመሪያ የሚወጣው ካለፈው ወር ኢንቦክስ ነው። ባለ ሱቋ ተደጋግመው የተጠየቁትን ጥያቄዎች ትልቀምና እሷ ራሷ የምትመልሰውን መልስ ከሥራቸው ታስጽፍ። ዋጋ፣ የማድረሻ ጊዜ፣ ቀብድ፣ ወደ ክልልና ወደ ውጭ አገር መላክ፣ ልኬት እንዴት እንደሚወሰድ፤ አብዛኛው ጥያቄ እነዚህን አያልፍም።

አነጋገሩም መጻፍ አለበት። በአማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ የጀመረ ሰው በመገለጫ ስም ብቻ ተሳስቶ ደንበኛ ሊያስቀይም ይችላል፤ ስለዚህ ለሁሉም «እርስዎ» ይባል። ዋጋ ለጠየቀ ሰው ዋጋው እዚያው ይነገረው፤ «ኢንቦክስ ያድርጉ» የሚለው መልስ ብዙ ገዢ ያሸሻል። ሰዓትም በግልጽ ይወሰን። ባለቤቷ «ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ይውጣ» ስትል፣ ልጥፍ በቀጠሮ በሚወጣበት መተግበሪያ ላይ የሚሞላው 7:00 PM ነው። ይህ ሳይነገር ቀርቶ 1:00 PM ከተሞላ፣ ለማታ የታሰበው ልጥፍ በቀን 7 ሰዓት ላይ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ መመሪያው ሥራውን በሦስት ይክፈለው። አንደኛው ረዳቱ ሳይጠይቅ የሚሠራው ነው፦ የሱቁን አድራሻ መንገር፣ የተወሰነ ዋጋ መመለስ፣ ማመስገን፣ አስጸያፊ ስድብ መደበቅ። ሁለተኛው ጠይቆ የሚሠራው ነው፦ አዲስ ልጥፍ፣ ቅናሽ፣ የማድረሻ ቀን፣ ሰው የሚታይበት ፎቶ፣ ቅሬታ። ሦስተኛው ጨርሶ የማይሠራው ነው። ለምሳሌ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም የቴሌብር ቁጥር በራሱ እጅ አይጽፍም፤ ባለቤቷ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ብቻ ይልካል። በአንዲት የተሳሳተች አሃዝ የደንበኛ ቀብድ ሌላ ሰው ጋ ይገባልና።

ቅሬታ ለብቻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍለት። «የገዛሁት ቀሚስ ሲታጠብ ቀለሙ ለቀቀ» የሚል አስተያየት ሲመጣ ረዳቱ አያጠፋውም፣ አይከራከርም፣ ገንዘብ እንመልሳለን ብሎም ቃል አይገባም። «በጣም እናዝናለን። የልብሱን ፎቶና የገዙበትን ቀን በኢንቦክስ ይላኩልን፤ ባለቤቷ እስከ ዛሬ ማታ ትደውልልዎታለች» ብሎ ይመልስና ወዲያው ለእሷ ያሳውቃል።

ይውጣ፣ ይስተካከል፣ ይቅር

ቀጥሎ የሚመጣው ማጽደቂያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ገደብ መታወቅ አለበት፤ ፌስቡክ ላይ Content የተፈቀደለት ሰው ረቂቅ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ማውጣትም ይችላል። ስለዚህ የፌስቡኩ ማጽደቂያ የሚቆመው በስምምነት ነው። ቴሌግራም ላይ ግን በሩን በእውነት መዝጋት ይቻላል፦ ረዳቱ የመለጠፍ ፈቃድ አይሰጠው፤ የጸደቀውን ባለቤቷ ከረቂቁ ቦታ ወደ ቻናሉ ታስተላልፈው፤ ስታስተላልፍም የላኪውን ስም መደበቅ ትችላለች።

የረቂቁ ቦታ ለሁለቱ ብቻ የተከፈተ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ቢሆን ይበቃል። ረዳቱ የሳምንቱን ሦስት ልጥፎች እሑድ ማታ በአንድ ላይ ያስገባል። እያንዳንዱ ፎቶውን፣ ልክ እንደሚወጣው የተጻፈውን ጽሑፍ፣ የሚወጣበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ይይዛል። እሷም ከሦስት ቃል በአንዱ ትመልሳለች፦ ይውጣ፣ ይስተካከል፣ ይቅር። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ከጸደቀ በኋላ ዋጋው ወይም ፎቶው ከተነካ እንደ አዲስ ይቀርባል።

አንዱን ረቂቅ ቀረብ ብለን እንየው። ተማሪው የአንዲት ሙሽራ ፎቶ አስገብቶ «ሙሉ የሙሽራ ልብስ በ18,000 ብር ብቻ! በ3 ቀን እናደርሳለን!» ብሎ ጻፈ። አጻጻፉ ይስባል፤ ባለቤቷ ግን ሦስት ነገር ታያለች። 18,000 የቀሚሱ ዋጋ ነው፣ ነጠላው ለብቻው ይከፈላል፤ «ሙሉ» ከተባለ ደንበኛዋ ሱቅ መጥታ ትጣላለች። ሦስት ቀን የሚበቃው ተሰፍቶ ለተሰቀለው ነው፤ በትእዛዝ የሚጠለፈው ሳምንታት ይፈልጋል። ሙሽራዋ ደግሞ ፎቶዋ እንዲወጣ አልተጠየቀችም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ስለዚህ መልሷ «ይስተካከል፤ ነጠላውን ለይ፣ 3 ቀን የሚለውን ለተዘጋጀው ብቻ አድርግ፣ ሙሽራዋን እኔ ደውዬ እጠይቃታለሁ» የሚል ይሆናል። ሦስቱንም ስህተት ተማሪው ብቻውን ሊያያቸው አይችልም ነበር፤ የሚታወቁት ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ነውና። ሦስቱም በዚያው ማታ ወደ መመሪያው ይገባሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ አይደገሙም።

ማጽደቂያ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በባለቤቷ በኩል ነው። ረቂቁ ይገባል፣ እሷ ገበያ ላይ ናት፣ ሁለት ቀን መልስ የለም። ረዳቱ ወይ ሥራ ያቆማል ወይ «ይሁን ትላለች» ብሎ ያወጣዋል። ስለዚህ እሷም ግዴታ ይኑርባት፤ ለምሳሌ እስከ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ትመልስ። ባትመልስ ግን ረዳቱ ቀድሞ ከጸደቁ ሁለት የመጠባበቂያ ልጥፎች አንዱን ያውጣ። ገጹ ባዶ አይሆንም፣ ያልታየ ነገርም አይወጣም።

ማጽደቂያው መላላቱን ማወቅ አያስቸግርም። በሳምንት አንድ ቀን ባለቤቷ ገጹን እንደ ደንበኛ ከፍታ የወጣውን ከረቂቁ ግሩፕ ጋር ታስተያይ፤ «ይውጣ» ያላለችው ልጥፍ ካለ ስምምነቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ቴሌግራም Recent Actions ላይ አስተዳዳሪዎች ባለፉት 48 ሰዓታት ያደረጉትን ያሳያል። በተቃራኒው ለተከታታይ ሳምንታት ሁሉንም «ይውጣ» ብቻ እያለች ከመለሰች፣ ከሁለተኛው ክፍል ወደ አንደኛው የሚዛወር ሥራ አለ ማለት ነው። የተሰቀለ ልብስ ፎቶ ከተወሰነ ዋጋ ጋር መለጠፍ የመጀመሪያው ይሁን። ቅሬታና የሰው ፊት ግን ከሁለተኛው ክፍል አይወጡም።

ሲለያዩ

ተማሪ ይመረቃል፣ ይሄዳል። የመጨረሻ ክፍያው በተፈጸመበት ቀን ባለቤቷ ሁለት ቦታ ትገባለች፤ በ Page access እና በ Administrators። ስሙን ታወጣለች፣ ፎቶና ቪዲዮዎቹን ትረከባለች። የምትቀይረው ፓስወርድ የለም፤ ቀድሞም አልሰጠችምና። ለሚቀጥለው ረዳት በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው መመሪያም፣ በተመራቂው ልጅ ረቂቆች ላይ የተገኙትን እርማቶች ሁሉ የያዘው ያው አንድ ገጽ ነው።