ስሙ ዝም ሲል ግሱ ይናገራል፦ ጾታ በአማርኛና በእንግሊዝኛ

«ያ ትንሹ ልጅ መጽሐፉን ረስቶ ሄደ።» ይህ ዓረፍተ ነገር የተነገረው ስለ ወንድ ልጅ ነው። ስለ ሴት ልጅ ለመናገር ቢፈለግ «ያቺ ትንሿ ልጅ መጽሐፏን ረስታ ሄደች» ይሆናል። ከስድስቱ ቃላት አምስቱ ተለውጠዋል። ሳይለወጥ የቀረው አንድ ቃል «ልጅ» ብቻ ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት የተባለው ግን እሱ ራሱ ነው። ባለጉዳዩ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጎረቤቶቹ ሁሉ ስለ እሱ የሚመሰክሩ ይመስላል።

በአማርኛ ጾታ የሚኖረው በአመዛኙ እንዲህ ነው። «ሐኪም»፣ «ጎረቤት»፣ «ጓደኛ»፣ «ተማሪ» የሚሉት ስሞች በመልካቸው ተባዕታይ ወይም አንስታይ መሆናቸው አይታወቅም። የሚታወቀው ከጠቋሚው («ይህ»፣ «ይቺ»)፣ ከስሙ ወይም ከቅጽሉ ጫፍ ላይ ከሚለጠፈው ምልክት («ሐኪሙ»፣ «ሐኪሟ») እና ከሁሉም በላይ ከግሱ ነው። ሰዋስው ስምምነት የሚለው ይህንን ነው፤ አንዱ ቃል የያዘውን ጾታ ሌሎቹ በየመልካቸው እንዲያሳዩ መገደዳቸውን። ቅጽሎች ግን ከዚህ ግዴታ ብዙውን ጊዜ ነጻ ናቸው። «ረጅም» ለወንድም ለሴትም ያው «ረጅም» ነው። ከግዕዝ የመጡት የተለዩ ናቸው፤ «ቅዱስ» እና «ቅድስት»፣ «ክቡር» እና «ክብርት» ይባላል።

ያንኑ የልጅቱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው ሥራው ቀላል ነው። «ቦይ» የሚለውን ስም በ«ገርል»፣ «ሂዝ» የሚለውን አገናዛቢ በ«ኸር» ከለወጠ በቃው። «ያ»፣ «ትንሽ»፣ «ረሳ»፣ «ሄደ» ለሚሉት የሚቆሙት የእንግሊዝኛ ቃላት ወንድም ሆነ ሴት ቢመጣ ንቅንቅ አይሉም። በእንግሊዝኛ የተፈጥሮ ጾታ አለ የሚባለው በዚህ የተነሳ ነው። ቋንቋው ስሞችን በተባዕታይና በአንስታይ አይከፍልም፤ ተውላጠ ስሙን ብቻ በዓለም ላይ ካለው ነገር ጋር ያመሳስላል። ወንድ ከሆነ «ሂ»፣ ሴት ከሆነች «ሺ»፣ ሁለቱንም ካልሆነ «ኢት»።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ሦስት ጾታ ነበረው፤ ከተባዕታይና ከአንስታይ ሌላ ግዑዝ የሚባል ክፍል ጭምር። ፀሐይ አንስታይ፣ ጨረቃ ተባዕታይ ነበረች። የሚያስገርመው ሴትን የሚያመለክቱት ቃላት ዕጣ ነው። የዛሬው «ዋይፍ» አያት የሆነው «ዊፍ» ትርጉሙ ሴት ሆኖ ሳለ በሰዋስው ግዑዝ ነበር፤ የዛሬውን «ውመን» የወለደው «ዊፍማን» ደግሞ ሴት እያለ ተባዕታይ ነበር። የስምና የቅጽል ድረ-ቃላት እየሟሸሹ ሲሄዱ ጾታን የሚያሳየው ነገር ጠፋ፤ ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜም በአብዛኛው የእንግሊዝ ክፍል ሥርዓቱ ፈረሰ። ከፍርስራሹ የተረፉት እነዚያ ተውላጠ ስሞች ናቸው። መርከብን «ሺ» የማለት የባሕረኞች ልማድም ከጥንቱ ሰዋስው የወረደ ሳይሆን የፍቅር አጠራር ነው። በ1734 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የለንደኑ የመርከብ ጋዜጣ ሎይድስ ሊስት ሳይቀር በ2002 እ.ኤ.አ. መርከብን «ኢት» ለማለት ወስኗል።

አማርኛ «ኢት» የለውም። ድንጋይም ሆነ ወንበር ወይ «እሱ» ወይ «እሷ» መሆን ግድ ነው። ፈረንሳይኛን ወይም ዓረብኛን የተማረ ሰው ታዲያ የትኛው ዕቃ ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሆነ ዝርዝር ይጠይቅ ይሆናል። እንደዚያ ያለ የተቆረጠ ዝርዝር አማርኛ ውስጥ አይገኝም። ሰውና የቤት እንስሳ በተፈጥሯቸው ይሄዳሉ፤ በሬን «መጣች»፣ ላምን «መጣ» የሚል የለም። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ምድር፣ አገርና ከተማ አብዛኛውን ጊዜ አንስታይ ናቸው፤ ፀሐይ «ወጣች»፣ ኢትዮጵያ «ተሳተፈች» ይባላል። ጾታቸው ልብ ከማይባል ፍጥረታት መካከል ድመት፣ አይጥና ንብ ወደ «እሷ» ያደላሉ። የቀረው ግዑዝ ነገር በሙሉ ሌላ ምክንያት እስካልመጣ ድረስ ተባዕታይ ነው።

ምክንያቱን የሚያመጣው ተናጋሪው ነው። የወር መጨረሻ ላይ የደረሰ ደመወዝተኛ «መቶ ብር ነበረችኝ፣ እሷም አለቀች» ሲል ብሩ ጾታውን አልለወጠም፤ ያነሰው ግን ታይቷል። «መቶ ብር ነበረኝ፣ እሱም አለቀ» ቢል ሒሳቡ ያው ነው፤ የቀረው ምሬቱና ሳቁ ነው። «ያቺው ደመወዜ ናት» ሲባል ስንት እንደሆነ ሳይጠየቅ ትንሽ መሆኗ ይታወቃል። እንዲሁ በጀበና አጠገብ «ቡናዋ እንዴት ጣፍጣለች!» የሚል ሰው ፍቅሩን የገለጸው በ«ጣፍጣለች» ጫፍ ላይ ነው። በእጅ የምትያዝ፣ የምታሳሳ፣ የምትናቅ ወይም ተንኮል ያለባት ነገር ወደ አንስታይ ትሳባለች፤ «ይቺ ናት ጨዋታ!» የሚለው አነጋገር ከዚሁ የመጣ ነው። አንዳንድ እናት ትንሽ ወንድ ልጇን «ነይ፣ የኔ ቆንጆ» ስትለው የሚገረም አለመኖሩም ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው የባሕረኛው «ሺ» ነው፤ እሱም እንዳየነው እየተሸኘ ነው።

የዕቃ ጾታ ተቆርጦ አለመሰጠቱ አንድ ረቂቅ ችግርን ይፈታል። በአማርኛ «ቤቱ» ማለት «የእሱ ቤት» ወይም «ያ የምናውቀው ቤት» ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «ሂዝ»፣ ለሁለተኛው «ዘ» እያለ ይለያቸዋል። «ቤቷ»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አላት። አሁን «ቤቷ ተቃጠለ» እና «ቤቷ ተቃጠለች» የሚሉትን ጎን ለጎን ማየት ነው። በመጀመሪያው ግሱ ተባዕታይ ስለሆነ ቤቱ ራሱ ተባዕታይ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የ«ቤቷ» ጫፍ የሚያሳየው ባለቤቷን ሴት ነው። በሁለተኛው ግሱ አንስታይ ስለሆነ በአብዛኛው የሚታሰበው ትንሿ ቤት ራሷ ናት። የአማርኛ ተናጋሪ ይህንን ሳያስብበት ይለያል፤ ተማሪ ግን ወራት ይፈጅበታል።

የስምምነቱ ክብደት ጎልቶ የሚታየው ትርጉም ላይ ነው። «ማይ ኔይበር ኮልድ ማይ ፍሬንድ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የደረሰው ተርጓሚ «ጎረቤቴ ጓደኛዬን» ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ሁለቱም ስሞች እንደ እንግሊዝኛዎቹ ጾታን ይደብቃሉ። ግሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሁለቱም ወንዶች ከሆኑ «ጠራው»፣ ጠሪው ወንድ ተጠሪዋ ሴት ከሆነች «ጠራት»፣ በተቃራኒው ከሆነ «ጠራችው»፣ ሁለቱም ሴቶች ከሆኑ «ጠራቻት» ማለት አለበት። የአማርኛ ግስ የባለቤቱንም የተሳቢውንም ጾታ በአንድ ቃል ይሸከማልና ከአራቱ አንዱን ሳይመርጡ ማለፍ አይቻልም። መልሱ ደግሞ ከፊቱ ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም፤ ገጽ መልሶ «ሂ» ወይም «ሺ» የሚል መፈለግ አለበት። ካላገኘ ብዙ ተርጓሚ በልማድ «ጠራው» ይላል፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ግስ ወንዶች የሚሆኑት እንዲህ ነው።

ማምለጫ ግን አለ፤ እሱም አክብሮት ነው። ጎረቤቲቱ ወይም ጎረቤቱ አንቱ የሚባሉ ከሆነ «ጠሩት» ወይም «ጠሯት» ይባላል፤ የጠሪው ጾታ ወዲያውኑ ይሰወራል። ሁለቱም አንቱ ከሆኑ «ጠሯቸው» ይሆንና የማንም ጾታ አይታወቅም። የአክብሮቱ ቅርጽ ከብዙ ቁጥር የተወሰደ ነው፤ በብዙ ቁጥር ደግሞ አማርኛ ጾታ አይለይም። «ወንዶቹ መጡ»፣ «ሴቶቹ መጡ» ነው፤ «ሴቶቿ መጡ» ቢባል «የእሷ ሴቶች» ማለት ይሆናል። የገንዘብ መክፈያ ማሽን «ካርድዎን ያስገቡ» የሚለው ለትሕትና ብቻ አይደለም። «አስገባ» ቢል ሴቷን፣ «አስገቢ» ቢል ወንዱን ያስቀይማል፤ አንቱታው ከሁለቱም ያድነዋል። እንግሊዝኛም ጾታውን ለማያውቀው አንድ ሰው የብዙ ቁጥሩን «ዘይ» ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጠቀማል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሜሪያም ዌብስተር የተባለው መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል። መንገዱ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው፤ «ዘይ» ውስጥ ግን አክብሮት የለም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ተርጓሚው ሌላ ጣጣ ይገጥመዋል። «እሳቸው መጡ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞር ሰውየው ናቸው ሴትዮዋ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ከዚያም አክብሮቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመጡ ተማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ግስ ላይ ነው። «እናቴ ጥሩ ነው»፣ «እህቴ መጣ» ይላሉ። ለሁሉም የሚሆን የሚመስላቸውን ተባዕታይ ቅርጽ ይዘው ይቀራሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ ግስ ጾታ አይለይምና። የትእዛዝ ግስ ደግሞ ለብቻው ያስቸግራል፤ በሴት ሲነገር ጫፍ መጨመር ብቻ ሳይሆን የመጨረሻው ድምፅ ራሱ ይለወጣል። «ውሰድ» «ውሰጂ»፣ «ክፈት» «ክፈቺ»፣ «ቁረጥ» «ቁረጪ»፣ «ያዝ» «ያዢ» ይሆናል። «ውሰዲ» የሚል ሰው ደንቡን ሰምቷል፤ ጆሮው ገና አልለመደውም።

ግዴታው የማይደርስባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። በር ሲንኳኳ ከውስጥ «ማን ነው?» ይባላል፤ የምትጠበቀው ሴት ብትሆንም ጥያቄው በተባዕታይ ነው። ከውጭ «እኔ ነኝ» ይመለሳል፤ አንደኛ መደብ ጾታ የለውምና መልሱም አይናገርም። እስከዚህ ድረስ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ያልተሻለ ምስጢር ጠባቂ ነው። ድምፁ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ቃል «ግባ» ወይም «ግቢ» ነው።