ወለዱ ዜሮ ነው፤ ቀኖቹስ?

ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ባለፈው ኤፕሪል ስልኳን ይዛ መጣችና «እስቲ ይሄን እየው፤ ይቺ ሰባት ዶላር ከየት መጣችብኝ? ወለድ የለውም ብለው አልነበር?» አለችኝ። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ወለድ የለውም መባሉ እውነት ነው። ሰባት ዶላር መጨመሩም እውነት ነው። ባንኳ የቆረጠባትን 35 ዶላር ግን ገና አላየችውም ነበር።

ነገሩ ሰፈራችን ካለው ዱቤ ብዙም የሚርቅ አይመስልም። ዕቃውን ዛሬ ትወስዳለህ፣ ዋጋውን በአራት ከፍለህ ትሰጣለህ። የመጀመሪያውን ሩብ እዚያው ትከፍላለህ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ በየ14 ቀኑ ከካርድህ ይቆረጣሉ፤ በ42ኛው ቀን ያልቃል። ክላርና ከስዊድን፣ አፍተርፔይ ከአውስትራሊያ፣ አፈርም ከዚሁ ከአሜሪካ ተነስተው ይህን አገልግሎት በየድረ ገጹ የመክፈያ ገጽ ላይ አስቀምጠውታል። አገር ቤትም ዳሸን ባንክ የራሱን አገልግሎት «ዱቤ አለ» ብሎ ሲሰይመው ቃሉን ከባለሱቁ ደብተር ላይ ነው የወሰደው። ልዩነቱ ባለሱቁ ደመወዝ መቼ እንደምትቀበል ማወቁ ነው። አፑ አያውቅም፣ አይጠይቅምም።

ለምን አራት ሆነ? ለምን አምስት ወይም ስድስት አልሆነም? መልሱ ሕግ ውስጥ ነው። አሜሪካ በ1968 ያወጣችው የብድር ግልጽነት ሕግ አበዳሪው የብድሩን ዋጋ ለተበዳሪው በግልጽ ጽፎ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ነጋዴዎች ወለዱን ዕቃው ዋጋ ውስጥ ደብቀው «ወለድ የለውም» እያሉ እንዳያመልጡ ደግሞ ፌዴራል ሪዘርቭ አንድ ደንብ ጨመረበት፤ ወለድ ባይኖረውም ከአራት ጊዜ በላይ የሚከፈል ዱቤ በሕጉ ውስጥ ይገባል የሚል። በመጽሔት ደንበኝነት የተነሳ አንድ ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1973 ደንቡ ጸና። ደብቆ ለማስከፈል እንቅፋት እንዲሆን የተሰመረ መስመር ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ የመጡት ኩባንያዎች መስመሩ አጠገብ ቆሙ፦ ልክ አራት ክፍያ፣ ዜሮ ወለድ። ስለዚህ የስድስት ሳምንቱ ዱቤ ረጅሙ ብድር ይዞት የሚመጣውን ያንን ዝርዝር የብድር መግለጫ የማቅረብ ግዴታ አልነበረበትም።

ከዚህ የምትበልጥ አንዲት ነገር አለች። ሙሉ መግለጫ ቢሰጥህም ለዘገየ ክፍያ የሚቆረጥ ቅጣት በሕጉ እንደ ወለድ አይቆጠርም። ስክሪኑ ላይ «0% APR» የሚለው ዓመታዊ የወለድ መጠን ቅጣት ብትቀጣም ባትቀጣም ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ያ ቁጥር አልዋሸም፤ የእህቴን ገንዘብ የበላው ነገር ግን እዚያ ቁጥር ውስጥ አይመዘገብም። የሚገኘው ቀኖቹ ውስጥ ነው።

ወደ ቀኖቹ እንምጣ። እህቴ ደመወዟን በየወሩ በ15 እና በወሩ መጨረሻ ቀን ትቀበላለች። በወሩ መጨረሻ የምትቀበለው በማግስቱ ለቤት ኪራይ ይሄዳል። ትንሽ የሚያላውሳት የ15ቱ ነው።

ማርች 10 ቀን 200 ዶላር የሚያወጣ የክረምት ካፖርት በቅናሽ አገኘች፤ አራት ጊዜ 50። ማርች 24 ለልጇ 120 ዶላር የሚሆን ጫማና ቦርሳ ገዛች፤ አራት ጊዜ 30። ማርች 27 ደግሞ 180 ዶላር የሆነ የወጥ ቤት ዕቃ፤ አራት ጊዜ 45። ሦስቱም በሦስት የተለያዩ ኩባንያዎች ነው። አንዱ ኩባንያ የሌላውን ዱቤ አላየም፤ እሷም ሦስቱን አንድ ላይ አላየቻቸውም። በየአፑ ያየችው 50፣ 30፣ 45 ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሳምንት አስቤዛ አያህልም።

ወረቀት አምጥተን ከላይ እስከ ታች በቀን ቅደም ተከተል ጻፍናቸው። ማርች 24 የካፖርቱና የጫማው 80፣ ማርች 27 የወጥ ቤቱ 45። ኤፕሪል 7 እንደገና 80፣ ኤፕሪል 10 እንደገና 45። ኤፕሪል 21 እና 24 ያው ነው። ሜይ 5 እና 8 ላይ 30 እና 45 ሲከፈል ያልቃል። በአንድ ላይ ሲታይ እህቴ የገባችው በየሁለት ሳምንቱ 125 ዶላር ልትከፍል ነው። «እኔ እኮ ሃምሳ ሃምሳ መስሎኝ» አለች።

አሁን ኤፕሪል 7ን እይ። የማርች 31ዱ ደመወዝ ኪራይ በልቶታል፣ የኤፕሪል 15ቱ ስምንት ቀን ይቀረዋል። ሒሳቧ ላይ 62 ዶላር ነበር። የካፖርቱ 50 ተቆረጠና 12 ቀረ። በዚያው ቀን የጫማው 30 መጣ። ባንኩ ሁለት ምርጫ አለው፤ ገንዘብ የለም ብሎ መመለስ፣ ወይም ከራሱ ከፍሎላት «ኦቨርድራፍት» ብሎ ማስከፈል። ከፈለላት። የጎደላት 18 ዶላር ነበር፣ ይህን ለመሸፈን የቆረጠባት 35። ሒሳቧ ከዜሮ በታች 53 ላይ ወረደ። ኤፕሪል 10 የወጥ ቤቱ 45 ሲመጣ ግን ባንኩ እምቢ አለ። ኩባንያው 7 ዶላር ቅጣት ጻፈ። በሦስት ቀን ውስጥ 42 ዶላር ሄደ። ከዚህ ውስጥ ለዱቤ ኩባንያ የገባው ስድስተኛው ብቻ ነው። ይህን የማነሳው ብዙ ሰው የዱቤውን ውድነት በአፑ ቅጣት ብቻ ስለሚለካው ነው። አፑ ዴቢት ካርድ ላይ ሲንጠላጠል ትልቁን የሚያስከፍለው ከጀርባ ያለው ባንክ ሊሆን ይችላል።

ሰባቷ ዶላርም ብትሆን ትንሽ አይደለችም። የወጥ ቤቱ ዕቃ 180 ዶላር ነው፣ 45ቱን በዕለቱ ስለከፈለች የተበደረችው 135 ብቻ ነው። ያንን 135 የምትመልሰው አንድ ሦስተኛውን በ14 ቀን፣ አንድ ሦስተኛውን በ28፣ የቀረውን በ42 ነው፤ በአማካይ 28 ቀን ያዘችው ማለት ነው። ሰባት ዶላር የ135 አምስት በመቶ ከምናምን ነው፤ ይህም ለ28 ቀን። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ 28 ቀን 13 ጊዜ አለ። ሲባዛ 67 በመቶ አካባቢ ይመጣል። በአሜሪካ ውድ ነው የምንለው የክሬዲት ካርድ ወለድ ሃያ ምናምን በመቶ ነው። አንድ ጊዜ መዘግየት ዜሮውን ከካርዱ በብዙ አሳልፎ ሰደደው።

ቅጣቱ በየኩባንያው ይለያያል። አፈርም የመዘግየት ቅጣት አያስከፍልም። አፍተርፔይ ያስከፍላል፣ ግን በአንድ ግዢ ላይ ቅጣቱ ተደማምሮ ከዕቃው ዋጋ ሩብ እንዳያልፍ ገደብ አለው። ሩብ ማለት ግን አንድ ሙሉ ተጨማሪ ክፍያ ማለት መሆኑን ልብ በል፤ አራቱ አምስት ሆኑ። የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2022 አምስት ኩባንያዎችን መርምሮ ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 ከአሥር ተጠቃሚዎች አንዱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደተቀጣ ጽፏል። የኩባንያዎቹ ዋና ገቢ ግን ቅጣት ሳይሆን ነጋዴው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ የሚከፍላቸው ኮሚሽን ነው። ነጋዴው የሚከፍለው ደግሞ ደንበኛው በዚህ መንገድ ስለሚበረታና ብዙ ስለሚገዛ ነው። እህቴ ያንን ካፖርት በጥሬ 200 ዶላር አውጥታ ትገዛው ነበር? «ኧረ አልገዛም» ብላለች።

እንግዲህ «እሺ» የሚለውን ከመጫንህ በፊት የክፍያውን ሠንጠረዥ ስታይ ዓይንህ መጠኑ ላይ አይቅር፤ ቀኖቹን አንብብ። ከዛሬ ላይ 14፣ 28፣ 42 ቁጠርና ከደመወዝ ቀንህ አጠገብ ጻፋቸው። ደመወዝህ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የሚገባ ከሆነ ዕድለኛ ነህ፤ ቀኖቹ አብረውህ ይሄዳሉ፣ አንዴ ከደመወዝ ማግስት ከወደቁ ሁሌም እዚያው ይወድቃሉ። እንደ እህቴ በ15 እና በወር መጨረሻ የምትከፈል ከሆነ ግን 14 ቀንና ግማሽ ወር እኩል ስላልሆኑ ቀኖቹ ቀስ በቀስ ይንሸራተታሉ። ካፖርቱን ተመልከት፦ ከደመወዝ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ ስድስት። ወር መጀመሪያ ላይ ኪራይ የሚከፍል ሰው ደግሞ ከ42 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ወር መጀመሪያ መኖሩን አይሽሽ። ያን ሳምንት የሚጋፋው አንድ ዱቤ ነው ወይስ ሦስት? ይሄን ብቻ ነው መወሰን የሚችለው።

ከዚያ ገንዘቡ ከየት እንደሚቆረጥ ተመልከት። በክሬዲት ካርድ ካያያዝከውና ካርዱን በወሩ መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ካልዘጋኸው፣ ዜሮ ወለድ ያለው ዱቤ ባለ ወለድ ዕዳ ሆኖ ካርዱ ላይ ያርፋል። ዕቃ ከመለስክም ሱቁ መመለሱን መዝግቦ ለኩባንያው እስኪያሳውቅ ድረስ የክፍያው ቀን አይቆምም፤ መልሻለሁ ብሎ ዝም ያለ ሰው በመለሰው ጫማ ይቀጣል።

ከአራት በላይ የሆነው፣ ማለትም በስድስት ወይም በ12 ወር የሚከፈለው፣ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ የምትፈልገው መስመር «Total of Payments» የሚለው ነው። 1,000 ዶላር በ30 በመቶ ለ12 ወር ብትወስድ በወር 97 ዶላር ከ49 ሳንቲም ትከፍላለህ፣ በድምሩ 1,170 ገደማ። ወለዱ 300 ሳይሆን 170 የሆነው ዋናው ዕዳ በየወሩ ስለሚቀንስ ነው። ይህ ርካሽ አይደለም፣ ግን ቢያንስ ቁጥሩ ፊት ለፊት ተጽፎልሃል።

ያን ቀን ማታ እህቴ የቀሩትን ክፍያዎች ወደ ደመወዝ ቀኗ ለማስጠጋት ሦስቱንም አፖች ሞከረች። የካፖርቱ ያለ ክፍያ ወደፊት ገፋላት። የጫማው «ይቻላል፣ ግን ይከፈልበታል» አላት፤ ተወችው። የወጥ ቤቱ ደግሞ ያለፈው ሳይከፈል ቀን አልለውጥም አለ። ኤፕሪል 15 ደመወዟ ገባ፣ ባንኩ መጀመሪያ የራሱን 53 ወሰደ፣ እሷም በቀረው 52ቱን ከፈለች።