ከዋይፋይ ኮዱ ጀርባ ያለው ሁለተኛው ፓስወርድ

ቦንጋ ላይ ካፌ ወይም ፔንሲዮን የገባ እንግዳ ቡናውን ካዘዘ በኋላ የሚጠይቀው የዋይፋዩን ኮድ ነው። አስተናጋጇ በቃሏ ትነግረዋለች፤ አለዚያም ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ትጠቁመዋለች። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ስለዚህ ለስብሰባ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የቡና ነጋዴና ጫካውን ለማየት የመጣ ጎብኚ በአንድ ራውተር ሲጠቀሙ ይውላሉ።

የቤቱ ባለቤት ይህን ኮድ አልፎ አልፎ ይቀይረዋል። ጎረቤት እየተጠቀመ መስመሩ ሲዘገይ ይታወቀዋልና። ከኮዱ ጀርባ ሌላ ፓስወርድ መኖሩን ግን ላያውቅ ይችላል። ራውተሩ የራሱ የማስተካከያ ገጽ አለው። ከዋይፋዩ ጋር የተገናኘ ማንኛውም ሰው የስልኩን ብሮውዘር ከፍቶ አድራሻ መጻፊያው ላይ `192.168.1.1` ቢጽፍ ብዙውን ጊዜ ገጹ ይመጣል፤ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድም ይጠይቃል። በብዙ ራውተሮች ላይ ፋብሪካው ያስቀመጠው መልስ ለሁለቱም `admin` ነው። ይህ ሚስጥር አይደለም፤ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታትሟል፣ በመመሪያው ላይ አለ፣ ኢንተርኔት ላይም በየብራንዱ ተዘርዝሯል። ማኪያቶውን እየጠጣ የተቀመጠው እንግዳ የግድግዳውን ኮድ ካገኘ የቀረው ይህን አንድ ቃል ሁለት ጊዜ መጻፍ ብቻ ነው።

ቢገባስ ምን ያገኛል? የዋይፋዩን ኮድ ቀይሮ ባለቤቱን ከገዛ መስመሩ ሊያስወጣው ይችላል። ይህ ያናድዳል እንጂ ወዲያው ይታወቃል። ክፉው ማንም የማያየው ለውጥ ነው፤ ይኸውም ዲኤንኤስ በሚባለው ቦታ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች መቀየር።

ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በቁጥር ነው። ሰው የባንኩን ድረ ገጽ በስም ሲጽፍ፣ ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልስለት ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት አለ። የትኛውን ዲኤንኤስ መጠየቅ እንዳለባቸው ለስልኮቹና ለኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚነግራቸው ራውተሩ ነው። ለከተማው አዲስ የሆነ መንገደኛ መናኸሪያ ወርዶ የፔንሲዮኑን መንገድ እንደሚጠይቅ ማለት ነው፤ የሚጠቁመው ልጅ አስቀድሞ ጉቦ ከበላ፣ መንገደኛው በገዛ እግሩ ወደ ሌላ በር ይሄዳል። ቁጥሮቹን የቀየረ ሰው የቤቱን ስልኮች በሙሉ አንድ በአንድ መንካት አያስፈልገውም።

ይህ በብራዚል በሰፊው ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቻይናው ኔትላብ 360 ተመራማሪዎች «ጎስትዲኤንኤስ» ብለው የሰየሙትን ዘመቻ ይፋ አደረጉ። ከ100 ሺህ በላይ ራውተሮች ተጠልፈው ነበር፤ አብዛኞቹም ብራዚል ውስጥ። ጠላፊዎቹ የራውተሮቹን የመግቢያ ገጽ በደካማና በተለመዱ ፓስወርዶች እየሞከሩ ይገባሉ፣ ዲኤንኤሱን ይቀይራሉ፣ ከዚያ የባንኩን ስም የጻፈ ደንበኛ ባንኩን ወደሚመስል የሐሰት ገጽ ይደርሳል። ደንበኛው አድራሻውን አልተሳሳተም፤ ስልኩም ቫይረስ አልነበረበትም።

«ቦንጋ ድረስ ማን መጥቶ የእኔን ራውተር ይነካል?» ማለት የተለመደ ነው። መምጣት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ሲድ ስታም፣ ዙልፊካር ራምዛንና ማርከስ ያኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ መንገድ አሳይተው ነበር። ባለቤቱ ራሱ ተንኮል ያለበት ድረ ገጽ ሲከፍት፣ በገጹ ውስጥ የተደበቀው ኮድ በባለቤቱ ብሮውዘር በኩል ወደ ራውተሩ ዞሮ በፋብሪካው ፓስወርድ ለመግባትና ዲኤንኤሱን ለመቀየር ይሞክራል። ለራውተሩ ጥያቄው ከቤት ውስጥ የመጣ ነው የሚመስለው። አዳዲስ ብሮውዘሮች ከመንገዱ ከፊሉን ዘግተዋል፤ ዘዴው ከታየ ከ10 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ግን በዚሁ ዘዴ የተጠቀሙ ዘመቻዎች ታይተዋል።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ጅምላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለው ፕሮግራም ኢንተርኔቱን በጭፍን እያሰሰ፣ ከ60 በላይ የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ ጥንዶችን ይዞ የካሜራዎችንና የራውተሮችን በር ያንኳኳ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) እንዲህ የተሰበሰቡት መሣሪያዎች ዳይን በተባለው የአሜሪካ ዲኤንኤስ ኩባንያ ላይ በአንድ ጊዜ ተለቀቁ፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶችም ለሰዓታት ተቆራረጡ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች በቀጣዩ ዓመት ጥፋታቸውን አምነዋል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን መሣሪያቸው ለምን ተግባር እንደዋለ እንኳ አያውቁም ነበር።

ማጋነን ግን አያስፈልግም። ዛሬ የባንክ ድረ ገጾችና የስልክ መተግበሪያዎች ግንኙነታቸውን ያመሰጥራሉ፣ የገጹን ማንነትም ያጣራሉ። ዲኤንኤሱ ተቀይሮ የሐሰት ገጽ ቢመጣ ብዙውን ጊዜ ብሮውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሰውየው ማስጠንቀቂያውን አልፎ ከቀጠለ ግን ገንዘቡ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የለመዱት ገጽ በአንድ ቤት ዋይፋይ ማስጠንቀቂያ እያወጣ በሞባይል ዳታ ግን ያለ ችግር የሚከፈት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የዚያ ቤት ራውተር ነው።

ቅያሬው ራሱ የ15 ደቂቃ ሥራ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል። መጀመሪያ ከራውተሩ ሥር ያለውን ወረቀት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ቀጥሎ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፍቶ ከዋይፋዩ ጋር ብቻ መገናኘት፤ አለዚያ ስልኩ በሌላ መንገድ ሊወጣና ገጹ ላይመጣ ይችላል። በላፕቶፕና በኬብል ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም መሃል ላይ አይቋረጥም። የራውተሩ አድራሻ በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። `192.168.0.1` ወይም `192.168.100.1` የሚሉም አሉ። ዊንዶውስ ያለው ሰው ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ይህን ቢጽፍ፣

```
ipconfig
```

`Default Gateway` ከሚለው ጎን የሚመጣው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው። ቁጥሩ መጻፍ ያለበት አድራሻ መጻፊያው ላይ እንጂ ጉግል መፈለጊያው ላይ አይደለም።

ገጹ ውስጥ ሲገቡ ወዲያው ፓስወርድ ለመቀየር አይቸኮልም። መጀመሪያ `WAN` ወይም `Internet` የሚለውን ክፍል ከፍቶ ያለውን ሁሉ ፎቶ ማንሳት ይገባል፤ በተለይ `PPPoE` ከሚለው ጋር የተጻፈውን የተጠቃሚ ስም። መስመሩ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የሚገናኘው በእሱ ስለሆነ ቢጠፋ ራውተሩ እየበራ ኢንተርኔት አይኖርም። እግረ መንገድ በ`WAN` እና በ`DHCP` ሥር ያሉትን የዲኤንኤስ ቁጥሮች ማየት ነው። ብዙውን ጊዜ በራሱ እንዲወስድ ተደርጎ ይገኛል። `8.8.8.8` ወይም `1.1.1.1` ካለ በሰፊው የሚታወቁ የጉግልና የክላውድፍሌር ቁጥሮች ናቸው፤ መስመሩን የዘረጋ ባለሙያ ጽፏቸው ይሆናል። ከእነዚህ ውጭ ማንም ጻፍኩት የማይለው ቁጥር ከተገኘ ግን ፎቶ አንስቶ 994 ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የፓስወርዱ መቀየሪያ እንደ ብራንዱ `System Tools`፣ `Maintenance`፣ `Administration` ወይም `Management` በሚል ሥር ይገኛል። አዲሱ ፓስወርድ ከዋይፋዩ ኮድ የተለየ መሆን አለበት፤ ያ ኮድ ለእንግዳ ሁሉ የሚሰጥ ነውና። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አሮጌ ራውተሮች ከ15 ፊደል በላይ አይቀበሉም፤ ሳይናገሩ ትርፉን የሚቆርጡም አሉ። በላቲን ፊደላት የተጻፉ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ሦስት ቃላትን ከቁጥር ጋር አቀላቅሎ ከ12 እስከ 15 ፊደል ማድረስ ያዋጣል። የግዕዝ ፊደል፣ ባዶ ቦታና እንደ `&` ያሉ ምልክቶች አንዳንዱን ራውተር ስለሚያምታቱ ቢቀሩ ይሻላል። ከዚያ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ፤ በቤት ከሰነድ ጋር፣ በመሥሪያ ቤት ካዝና ውስጥ። ወረቀት አያስተማምንም የሚል ምክር ለዚህ አይሠራም፤ ከሩቅ የሚመጣው ሌባ መሳቢያ አይከፍትም።

`Save` ወይም `Apply` ከተባለ በኋላ ገጹን ሳይዘጉ በሌላ ብሮውዘር መግባት መሞከር ይገባል። የድሮው `admin` መከልከል፣ አዲሱ ደግሞ ማስገባት አለበት። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ ራውተር ከሆነ ወጥቶ መሞከር ነው። ከዚያ ራውተሩን አጥፍቶ አብርቶ ፈተናውን መድገም። አንዳንዱ ለውጡን በቋሚ ማኅደረ ትውስታ የሚይዘው `Save/Reboot` የሚል ሌላ ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው፤ ያ ከተረሳ መብራት ሄዶ ሲመጣ የድሮው ፓስወርድ ተመልሶ ይቀመጣል።

እዚያው እያሉ `Remote Management` እና `Telnet` የሚሉት ከውጭ ክፍት ከሆኑ ይዘጋሉ። ካፌና ፔንሲዮን ያለው ሰው ደግሞ `Guest Network` የሚል ካገኘ የእንግዶቹን ዋይፋይ ለይቶ ቢከፍት፣ እንግዳው ኢንተርኔት እንጂ የራውተሩን ገጽ እንዳያገኝ ማድረግ ይቻላል። `TR-069` የሚለው ግን አይነካም፤ አገልግሎት ሰጪው ከማእከል ሆኖ መስመሩን የሚያስተካክልበት ነው። ራውተሩ አስቀድሞ በሚራይ ዓይነቱ ተይዟል የሚል ጥርጣሬ ካለ የቴሌውን መስመር ነቅሎ፣ አጥፍቶ አብርቶ፣ ፓስወርዱን ቀይሮ ከዚያ መስመሩን መሰካት ይገባል። ሚራይ መሣሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ የድሮው ፓስወርድ ሳይቀየር መስመሩ ከተሰካ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገባል።

ቅያሬው የማይደርስበት ቦታም አለ። በሚራይ ዘመን ከተጠለፉት ካሜራዎች ከፊሎቹ በገጻቸው ላይ ፓስወርድ ቢቀየርም ውስጣቸው በፋብሪካ የተቀበረው አይለወጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የሁዋዌ HG532 ራውተር ጭራሽ ፓስወርድ በማይጠይቅ የሶፍትዌር ክፍተት ተጠልፏል። በፋይበር መስመር ላይ ያሉ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ሁለት አካውንት አላቸው፤ ደንበኛው የሚቀይረው የራሱን ነው፣ ከፍተኛው የአገልግሎት ሰጪው ነው።

አዲሱ ፓስወርድ ቢረሳ ከጀርባ ያለውን የ`Reset` ቀዳዳ በስክሪብቶ ጫፍ መጫን ያጓጓል። ቀዳዳው ግን ፓስወርዱን ብቻ ሳይሆን የ`PPPoE` ስሙንና ሌላውንም ማስተካከያ ጠርጎ ያጠፋል። ፎቶው ከሌለ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ ያለ ኢንተርኔት ይቆያል፤ ስለዚህ አስቀድሞ 994 መደወል ነው። ባለሙያው መጥቶ መስመሩን ሲያስተካክልም ራውተሩን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሶት ሊሆን ስለሚችል፣ ከሄደ በኋላ በ`admin` እና በ`admin` መግባት ይቻል እንደሆነ አንድ ጊዜ መሞከር ያስፈልጋል። ይህ በራስ ራውተር ላይ ብቻ የሚደረግ ሙከራ ነው፤ በሰው ካፌ ራውተር ላይ ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።