ግሡ መጨረሻ ላይ ሲቀር

እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ በአጭር ዓረፍተ ነገር ብዙም አይሳሳትም። «አይ ድሪንክ ቲ» የሚለውን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ይዞታል። ችግሩ የሚመጣው ሐሳቡ ሲረዝምና በአማርኛ ደርድሮ ማሰብ ሲጀምር ነው። «ትናንት ከፋርማሲ ለወንድሜ መድኃኒት ገዛሁ» ለማለት «የስተርደይ ፍሮም ዘ ፋርማሲ ፎር ማይ ብራዘር ሜዲሲን አይ ቦት» ይላል። ቃላቱ አንድም ስሕተት የለባቸውም። ሰሚው ግን ወሬው ስለ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም ከመሃል አቋርጦ «ሶሪ?» ይላል።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን እስከ መጨረሻ ማቆየት የሚችለው ቃላቱ ሥራቸውን በላያቸው ስለተሸከሙ ነው። «ውሻው ልጁን ነከሰው» አልን፣ «ልጁን ውሻው ነከሰው» አልን፣ የተነከሰው ልጁ ነው። «ን» ተሳቢውን ትለያለች፤ «ነከሰው» ደግሞ ነካሹንም ተነካሹንም በራሱ ይዟል። የእንግሊዝኛ ስሞች እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌላቸው ሥራውን የሚሠራው ቦታ ነው። ግሡ መካከል ይቆማል፤ ከፊቱ ያለው ባለቤት፣ ከኋላው ያለው ተሳቢ ይሆናል። ስለዚህ «ዘ ቦይ ዘ ዶግ ቢት» ብንል እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚሰማው «ውሻው የነከሰው ልጅ» ተብሎ ነው። ለእኛ ያለቀው ነገር ለእሱ ገና አልተጀመረም፤ ልጁ ምን እንደሆነ ለመስማት ይጠብቃል።

ማስተካከያው ግን ከሚታሰበው ይቀላል። የፋርማሲውን ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንሂድበት፦ ገዛሁ፣ መድኃኒት፣ ለወንድሜ፣ ከፋርማሲ፣ ትናንት። እነሆ እንግሊዝኛው፦ «አይ ቦት ሜዲሲን ፎር ማይ ብራዘር ፍሮም ዘ ፋርማሲ የስተርደይ»። አማርኛው በ«ገዛሁ» ውስጥ የደበቀው «እኔ» ብቻ ወጥቶ ፊት ቆመ። ባለቤቱ ለብቻው የተጠራ ከሆነም ያው ፊት ይቀመጣል፤ ወደ ኋላ የሚነበበው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው። «የስተርደይ» ፊት ላይ ቢቀርም አያስነቅፍም፤ የጊዜ ቃል በእንግሊዝኛም ዓረፍተ ነገር ይከፍታል።

ይህ መንገድ በተለይ የሚጠቅመው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሲገባ ነው። «ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት መግዛት እፈልጋለሁ» የሚለው ከኋላ ሲነበብ እፈልጋለሁ፣ መግዛት፣ መድኃኒት፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ይሆናል፤ «አይ ዎንት ቱ ባይ ዘ ሜዲሲን ዘ ዶክተር ፕሬስክራይብድ»። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሐኪሙ ያዘዘውን» እንደ አንድ ቁራጭ ይነሣል እንጂ ውስጡ አይገለበጥም፤ ሐኪሙ ከማዘዙ ፊት ይቆያል። ቅጽልና ባለንብረትም አይነኩም። «ቀይ መኪና»፣ «የወንድሜ መኪና» በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አላቸው። ሁሉንም ቃል በየተራ የሚገለብጥ ሰው ከአንዱ ጥፋት ወደ ሌላው ይገባል።

ጥያቄ ሌላ ጠባይ አለው። በአማርኛ የጥያቄው ቃል መልሱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ «ወንድምህ ትናንት ከአበበ ጋር መጣ» የሚለው «ወንድምህ ትናንት ከማን ጋር መጣ?» ይሆናል፤ ሌላው አይንቀሳቀስም። «ዩር ብራዘር የስተርደይ ዊዝ ሁ ኬም?» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግሊዝኛ ግን ጥያቄ እየመጣ መሆኑን ከመጀመሪያው ማሳወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ «ሁ» ፊት ይወጣል፤ ቀጥሎ «ዲድ» ይገባል፤ ከዚያ ባለቤቱ፣ ከዚያ ግሡ፦ «ሁ ዲድ ዩር ብራዘር ከም ዊዝ የስተርደይ?» «ዲድ» ያለፈውን ጊዜ ስለወሰደ «ኬም» ወደ «ከም» ተመለሰ። «ዊዝ» ስሙ ቢሄድበትም በንግግር ከግሡ አጠገብ ይቀራል። በአማርኛ በድምፅ ብቻ የምንጠይቀው «ቡና ትጠጫለሽ?» እንኳ «ዱ» ፊቱ ቆሞለት «ዱ ዩ ድሪንክ ኮፊ?» ይሆናል። ጠያቂው የሚፈልገው ባለቤቱን ራሱን ከሆነ ግን ረዳት አያሻም፤ «ማን መጣ?» እንዲያው «ሁ ኬም?» ነው።

ይህን የለመደ ሰው ቀጥሎ የሚሰናከልበት ቦታ ይታወቃል፤ ጥያቄው በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲደበቅ «ዱ»ን እዚያም ያስገባል። «የት እንደሚኖር አላውቅም» ጥያቄ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ከኋላ ይነበባል፤ አላውቅም፣ የት እንደሚኖር። «አይ ዶንት ኖው ዌር ዳዝ ሂ ሊቭ» ሳይሆን «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ሊቭስ»።