የመረረ ኦቾሎኒ፦ የሚባለውና እውነቱ

«ሻጋታ ቢኖረውም ሲቆላ ይሞታል» ይባላል። እውነት ነው፣ ሻጋታው ይሞታል። ሻጋታው በሕይወት ሳለ ፍሬው ውስጥ የተወው መርዝ ግን ይቀራል። አፍላቶክሲን የሚባለው ይህ መርዝ ምጣድ ላይ በከፊል ቢቀንስም አይጠፋም፤ መቀቀልም አያስወግደውም። የሚጎዳው በዋናነት ጉበትን ነው። ለረጅም ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ ይብሳል።

«ካልመረረ ደህና ነው» የሚለው ይበልጥ ያሳስታል። አፍላቶክሲን ራሱ ጣዕም የለውም። ምሬቱ የሚመጣው ዘይቱ ሲበላሽ ወይም ሻጋታው ፍሬውን ሲበላው ነው። ስለዚህ የመረረውን መትፋት ተገቢ ነው፤ ያልመረረው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም።

መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም። አንድ ክፉኛ የተበከለ ፍሬ በአንድ ግራም እስከ 1 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። ፍሬው ግማሽ ግራም ቢመዝን 500 ማይክሮግራም ያዘ ማለት ነው። ይህን አንድ ፍሬ 10 ኪሎ ንጹሕ ኦቾሎኒ ውስጥ ጨምረን ብንፈጨው በኪሎ 50 ማይክሮግራም ይደርሳል። ገና ለሚቀነባበር ኦቾሎኒ ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መመዘኛ የሚፈቅደው 15 ነው። 10 ኪሎው ውስጥ ወደ 20 ሺህ ፍሬ አለ፤ ከላይ አንድ እፍኝ ቀምሶ «ደህና ነው» ማለት እንግዲህ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ገምቱት። የኦቾሎኒ ቅቤም የሚያሰጋው ለዚሁ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ የሚለቀም ነገር የለም።

«ሻጋታ የጎተራ ጣጣ ነው» የሚሉም አሉ። ጎተራ ያባብሰዋል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማሳ ላይ ነው። ባቢሌን በመሰለ ደረቅ አካባቢ ፍሬው አፈር ውስጥ ሊደርስ ሲል ዝናብ ከቀረ፣ የተጠማውና የተሰነጠቀው ቅርፊት ለሻጋታው በር ይከፍታል። ቅርፊቱ በቀላሉ እንዲፈለፈል ውሃ የሚረጩም አሉ፤ የደረቀውን መልሶ ማርጠብ ሻጋታውን መጋበዝ ነው።

መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ መከማቸቱ አንድ ጥቅም አለው፦ መልቀም በእርግጥ ይሠራል። ከመቁላት በፊት የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበሳውን ሰፌድ ላይ መለየት ብዙውን መርዝ ያስወጣል። ተቆልቶ ገለፈቱ ሲነሳም ቀለሙ የተለየውን ደግሞ ማውጣት ነው። የሻገተውን ጠርጎ ወይም አጥቦ መብላት አያዋጣም።

የተለቀመውን «ለላሟ ይሁን» ማለትም አይበጅም። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን ከፊሉ ቅርጹን ለውጦ ወተቷ ውስጥ ይወጣል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ዶሮም ብትሆን ትጎዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ተርኪዎች ያለቁት በተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። ሳይንቲስቶች አፍላቶክሲንን ያገኙት የዚያን እልቂት ምክንያት ሲፈልጉ ነው።