የቬኒስን ግድግዳ ከውስጥ የሚበላው ጨው

ቬኒስ ከተማ የሚገኘው የሳንታ ማሪያ ዴይ ሚራኮሊ ቤተ ክርስቲያን በፒየትሮ ሎምባርዶ መሪነት የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1480ዎቹ ነው። የጡብ ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም እብነ በረድ ለብሷል። ከ500 ዓመት በኋላ ጥገና ሲጀመር ባለሙያዎቹ በእብነ በረዱ ውስጥ 14 በመቶ ጨው አገኙ። ድንጋዩ ሊፈነዳ ተቃርቦ ነበር።

ጨው ድንጋይ የሚያፈነዳው እንዴት ነው? ጡብና ድንጋይ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞሉ ናቸው። የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ፣ ግድግዳውም ጨዋማውን ውሃ ከሥሩ ወደ ላይ ይስባል። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ይህ ጨው በግድግዳው ገጽ ላይ ከደረቀ እንደ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ በብሩሽ ስለሚጠረግ ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ከገጹ በታች፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲደርቅ ነው። እያደገ የሚሄደው የጨው ጠጠር የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል፤ ድንጋዩም ይሰነጠቃል፣ ይቀረፋል፣ ወደ አሸዋነት ይለወጣል።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ይችለው ነበር። ነገር ግን የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ በላይ ሲሆን የገበታ ጨው ከአየር ውሃ ስቦ ይሟሟል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ተመልሶ ይጠጥራል። ስለዚህ ዝናብ ሳይነካው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ግድግዳም ሊፈርስ ይችላል።

በሚራኮሊ የእብነ በረዱ ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ተነቅለው በማይዝግ ብረት ገንዳዎች፣ በተጣራ ውሃ ውስጥ ተዘፈዘፉ። ጨው ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለሚሄድ ከድንጋዩ እየወጣ ወደ ውሃው ገባ። ሥራው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶ በ1997 ተጠናቀቀ።

ግድግዳ ግን አይዘፈዘፍም። እዚህ ላይ ምርጊት ይመጣል። የወረቀት ጭረት፣ ነጭ ሸክላ አፈርና አሸዋ በተጣራ ውሃ ተለውሰው አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይመረጋሉ። ውሃው ወደ ግድግዳው ገብቶ ጨውን ያሟሟል፤ ምርጊቱ ሲደርቅ ደግሞ ውሃው ጨውን ይዞ ወደ ውጭ ይመለሳል። ይህ እንዲሆን የምርጊቱ ቀዳዳዎች ከግድግዳው ቀዳዳዎች የጠበቡ መሆን አለባቸው፤ ጠባብ ቀዳዳ ውሃን አጥብቆ ይስባልና። ከሰፉ ምርጊቱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ጨውም በግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ውሃ ከበዛ ደግሞ ጨዉ ወደ ጥልቅ ይሸሻል።

የደረቀው ምርጊት ተነሥቶ በተጣራ ውሃ ይበጠበጣል፤ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙም ይለካል። ጨው በበዛ ቁጥር አቅሙ ይጨምራል። ልኬቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ሌላ ምርጊት ይደገማል። ያኔም ቢሆን የሚጸዳው ከገጹ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጨው የሚመጣበት መንገድ ካልተዘጋ ደግሞ ከጥልቁ እንደገና ይወጣል።

በኅዳር 2019 ማዕበሉ 187 ሳንቲ ሜትር ደርሶ የባሕር ውሃ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንን ምድር ቤት ሞላ። ከዓመት በኋላ ሥራ የጀመረው የባሕር መከላከያ በር አዲስ ጨዋማ ውሃ ያግዳል፤ ቀድሞ ጡቡ ውስጥ የገባውን ጨው ግን አያወጣም።