ኩላሊት ሲደክም ደም ለምን ያንሳል?

የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ደም ሳይፈሰው፣ ምግቡም ሳይጓደል ደሙ ሊያንስ ይችላል። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ነውና።

በመቅኔ ያለች ግንድ ሕዋስ ስትከፈል ራሷን ትተካለች፣ ወይም መንገዳቸው ደረጃ በደረጃ የሚጠብ ልጆችን ታፈራለች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሊምፎሳይት ይሆናሉ፤ ሌሎቹ ቀይ ሕዋስ፣ ፕላትሌት ወይም ኒውትሮፊል። ፕላትሌትን በዋናነት ትሮምቦፖይቲን፣ ኒውትሮፊልን ጂ-ሲኤስኤፍ ያበዛል። የቀዩ ቅርንጫፍ አዛዥ ኤሪትሮፖይቲን ነው፤ በአዋቂ ሰው አብዛኛውን የሚያመነጨው ደግሞ ኩላሊት ነው።

ኩላሊት ኦክስጅን ሲያጥረው ሆርሞኑን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ በዋናነት ታዳጊዎቹን ቀይ ሕዋሳት ከሞት ያተርፋል፤ ሲያንስ ብዙዎቹ ሳይበስሉ ይሞታሉ። የታማሚው ነጭ ሕዋስና ፕላትሌት ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የጎደለው የአንድ ቅርንጫፍ አዛዥ ብቻ ነዋ።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሆርሞኑ በመርፌ ይሰጣል። መጀመሪያ ለጋ ቀይ ሕዋሳት በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ሄሞግሎቢን ለመነሣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ካልተነሣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው፤ ትእዛዝ ያለ ጥሬ ዕቃ ምን ይሠራል? ሄሞግሎቢንን እስከ ጤናማው ሰው ልክ መግፋትም አይመከርም፤ የስትሮክና የደም መርጋት አደጋን ይጨምራል።